የአያት ስም በየትኛው ሳጥን ይገባል? መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የፈተና ማዕከል በር

ከፈተና ማዕከል በር ላይ የሚመለሱ ብዙ ተፈታኞች መታወቂያ ይዘው የመጡ ናቸው። ፎቶግራፉ የራሳቸው ነው፣ ጊዜውም አላለፈም። የሚመልሳቸው ሲመዘገቡ የሞሉት ስም በእጃቸው ካለው ሰነድ ጋር አለመገናኘቱ ነው። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ሦስት ወር ሙሉ ለእንግሊዝኛ ፈተና ተዘጋጅታ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ ሄዳ፣ ረፋዱ ላይ እያለቀሰች ተመልሳለች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም የአያቷ ነበር፤ በምዝገባው ላይ የሞላችው ግን የአባቷን ነው። ሁለቱም ስሞች የእርሷ ናቸው። ይህን በሩ ላይ ማስረዳት አልቻለችም፤ ብታስረዳም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ለምን እንዳልተለወጠ ለመረዳት የሕጉን ባለቤት ማወቅ ያስፈልጋል። በር ላይ ቆሞ ፓስፖርት የሚያገላብጠው ሰው ደንቡን አላወጣውም። አይኤልትስ የብሪቲሽ ካውንስል፣ የአይዲፒና የካምብሪጅ የጋራ ፈተና ነው። ቶፈል የአሜሪካው የፈተና ድርጅት የኢቲኤስ ነው። በአሜሪካ ነርሶች ለሥራ ፈቃድ የሚቀመጡበት ኤንክሌክስ ደግሞ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ንብረት ሲሆን ፈተናውን በማዕከሎቹ የሚሰጠው ፒርሰን ቪው ነው። የመታወቂያውን ደንብ የሚጽፈው የፈተናው ባለቤት ነው፤ የማዕከሉ ሠራተኛ ሥራ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ብቻ ነው። የእኛን የስም ባህል ቢያውቅም፣ ምናልባት እርሱም አበሻ ቢሆን እንኳ፣ «አውቃታለሁ፣ አያቷ ነው» ብሎ የማስገባት ሥልጣን አልተሰጠውም። ጥብቅነቱ የመጣው በሌላ ሰው ስም ገብተው ከሚፈተኑ ሰዎች ነው፤ ስለዚህም ነው ከመታወቂያው በተጨማሪ በአይኤልትስ የጣት አሻራ፣ በፒርሰን ቪው ማዕከሎች ደግሞ የመዳፍ ደም ሥር ምስል የሚወሰደው።

ተቀባይነት ያለው ሰነድ ምን ይመስላል? በየፈተናው ዝርዝሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ሰነዱ መንግሥት የሰጠው፣ ዋናው ቅጂ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ ፎቶግራፍ ያለበትና ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈበት መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ ፊርማም ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሟላልን ፓስፖርት ነው። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ካለው የላቲን ስም ጋር የሚነጻጸር ነገር የለውምና። መንጃ ፈቃድና የብሔራዊ መታወቂያ ካርድ በላቲን ፊደል ስም ቢኖራቸውም፣ መቀበል አለመቀበሉ በፈተናው ዓይነትና በሚፈተኑበት አገር ይወሰናል። የአይኤልትስ የምዝገባ ገጽ የሰነዱን ዓይነት አስመርጦ ቁጥሩን ያስሞላል፤ በዚያ የተመረጠው ሰነድ ራሱ ነው በፈተናው ዕለት የሚጠየቀው። በፓስፖርት ተመዝግቦ በሌላ ካርድ መቅረብ አይቻልም።

ከአገር ውጭ ላለ ሰው ደንቡ ይጠብቃል። ቶፈልን ከዜግነቱ አገር ውጭ የሚፈተን ሰው በመሠረቱ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሪያድ ወይም ዱባይ የምትኖር ኢትዮጵያዊት የመኖሪያ ፈቃዷን ብቻ ይዛ መሄድ የለባትም። ኤንክሌክስ በአሜሪካ ውስጥ ሲሰጥ መንጃ ፈቃድን፣ የክፍለ ግዛት መታወቂያንና ግሪን ካርድን ይቀበላል፤ ከአሜሪካ ውጭ ግን ወደ ፓስፖርት ይጠባል። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ ማኅተም የተመታበት ፎቶ ኮፒና በስልክ የተነሣ የፓስፖርት ምስል አይሠሩም። አንዳንድ ሰዎች ፓስፖርታቸው ኤምባሲ ለቪዛ ገብቶ እያለ የተረጋገጠ ቅጂውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ቅጂው የቱንም ያህል ማኅተም ቢኖረው አያስገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ የሚሄድ የትውልድ ሰንሰለት ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በኑሯችን ውስጥ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚለውን ሐሳብ አስገብቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው እንደ አያቶቹ ነው። የዓለም የምዝገባ ቅጽ ግን ሁለት ሳጥን ብቻ ይዞ ይጠብቀናል፦ አንዱ "First name" ወይም "Given names"፣ ሌላው "Last name"፣ "Surname" ወይም "Family name" ይላል። ሦስቱን ስም በሁለት ሳጥን ማካፈል ግድ ይሆናል። ችግሩ እያንዳንዱ ሰነድ በየራሱ መንገድ ማካፈሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪው ላይ ሦስቱንም በተርታ ይጽፋል፤ ባንኩ ሁለቱን ብቻ ይወስዳል፤ ፓስፖርቱ ደግሞ በአብዛኛው የራስንና የአባትን ስም በአንድ ላይ "Given names" ውስጥ አድርጎ የአያትን ስም "Surname" ያደርገዋል።

በሕይወቱ ሁሉ በአያቱ ስም ተጠርቶ የማያውቅ ሰው «የቤተሰብ ስም» ሲባል የአባቱን ስም መጻፉ አያስገርምም። ልክ ነው ብዬም አምናለሁ፤ ለኑሮው ልክ ነው። ለፈተናው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ፓስፖርቱ የትኛውን ስም በየትኛው ሳጥን አስቀምጧል?

ይህን ያለ ጥርጥር የሚመልስ ቦታ አለ። የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ይይዛሉ። የላይኛው መስመር ስምን ይነግረናል። ለምሳሌ ያህል ፀሐይ ወልደ ሚካኤል ደስታ የምትባል ነርስ አለች እንበል። መስመሯ እንዲህ ይሆናል፦

```
P<ETHDESTA<<TSEHAY<WOLDEMICHAEL<<<<<<<<<<<<<
```

አነባበቡ ቀላል ነው። ከፊት ያለው P ፓስፖርት፣ ETH ኢትዮጵያ ማለት ነው። ቀጥሎ እስከ ጥንዱ ምልክት << ድረስ ያለው የመጨረሻው ስም ነው፤ እዚህ ላይ የአያቷ ስም DESTA። ከጥንዱ ምልክት በኋላ ያለው ሁሉ "Given names" ነው፤ በመካከሉ ያለው ነጠላ ምልክት ክፍተትን ይተካል። ስለዚህ ፀሐይ ስትመዘገብ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ TSEHAY WOLDEMICHAEL፣ የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ DESTA ታስገባለች። ቅጹ "Middle name" የሚል ሦስተኛ ሳጥን ካለው የአባቷን ስም ወደዚያ ትወስደዋለች። ደስታ የሚለውን ስም ትታ በአባቷ ስም ብትጨርስ ዘመዴ የደረሰባት ይደርስባታል።

ሁለተኛው የስሕተት በር ሆሄው ነው። ፀሐይ በላቲን ሲጻፍ Tsehay፣ Tsehai፣ Tsehaye፣ Sehay ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ያስኬዳል፤ አንዱንም ስሕተት ነው ልንል አንችልም። ወልደ ሚካኤል ደግሞ Woldemichael፣ Weldemikael፣ Wolde Michael እየሆነ ይለዋወጣል። በተለይ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያሉ የሚጀምሩ ጥንድ ስሞችን እጠነቀቅላቸዋለሁ፤ ክፍተት ሲገባባቸው ለማሽኑ ሁለት ስም ይሆናሉና። WOLDE MICHAEL ተብሎ የተጻፈ ስም በመስመሩ ላይ WOLDE<MICHAEL ሆኖ ይወጣል። ጥንዱ ስም የአያት ስም ከሆነና በምዝገባው ላይ ሚካኤል ብቻ ከገባ፣ በኮምፒውተሩ ዐይን ሌላ ሰው ተመዝግቧል ማለት ነው። እንግዲህ በልጅነታችን ትምህርት ቤት የተማርነውን አጻጻፍ ለጊዜው እንርሳውና ፓስፖርቱን ከፊታችን ዘርግተን ፊደል በፊደል እንቅዳ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ አስቀያሚ ቢሆንም፣ የኢሚግሬሽን ጸሐፊ የጣለብን ፊደል ቢጎድለውም፣ ለፈተናው ያ ነው ስማችን።

አሁን ልዩነቱ ተፈጥሮ ተገኘ እንበል። ምን እንደሚሆን የሚወስነው በየትኛው ጊዜ እንደታየ ነው።

ከፈተናው ቀን በፊት ከታየ መፍትሔ አለው። ከተመዘገቡ በኋላ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኢሜይል ከፓስፖርቱ ጎን አድርጎ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይወስድም፤ ብዙዎቻችን ግን ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ አይተን እንዘጋዋለን። ስሙ ከተሳሳተ ብዙውን ጊዜ ራሳችን ገብተን ማረም አንችልም፤ የስም ሳጥኑ ከምዝገባ በኋላ ይቆለፋል። የሚደረገው ለማዕከሉ ወይም ለፈተናው ባለቤት የደንበኞች አገልግሎት የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ምስል፣ የምዝገባ ቁጥሩን፣ አሁን ያለውን ስምና መሆን ያለበትን ስም በየሳጥኑ ለይቶ መላክ ነው። «ስሜ ተሳስቷል አስተካክሉልኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ ቀናት ያባክናል፤ የእኛን ስም የማያውቅ ሠራተኛ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ሊገምት አይችልም። እርማቱ ከተደረገ በኋላ አዲስ ማረጋገጫ እስኪመጣ ድረስ ጉዳዩ አልተዘጋም። አንዳንዶች ደግሞ ተቸኩለው በትክክለኛው ስም ሁለተኛ አካውንት ይከፍታሉ፤ ይህ አንድን ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ሰው አድርጎ ሌላ መዘዝ ያመጣል፤ ክፍያውም ያለው በመጀመሪያው አካውንት ላይ ነው።

በሩ ላይ ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልቋል። ኢቲኤስ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ያላቀረበን ሰው አያስገባም፤ የከፈለውንም አይመልስም። በኤንክሌክስ የተመለሰች ነርስ የያዘችውን ቀጠሮ ታጣለች፤ እንደገና ተመዝግባ 200 ዶላሩን እንደገና ትከፍላለች። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ደንቡ አንዳንድ ጊዜ «ሁለተኛ መታወቂያ» ማምጣትን ይፈቅዳል። ያ ሁለተኛ ሰነድ የሚያገለግለው በመጀመሪያው ላይ ፊርማ ወይም ፎቶግራፍ ሲጎድል ያንን ለመሙላት ነው። የተለየ ስም ያለበትን ሁለተኛ መታወቂያ ደርቦ ማሳየት የስም ልዩነትን አይፈታም፤ ልዩነቱን ያጎላዋል እንጂ።

በሩ ከታለፈ በኋላም ትንሽ መውጫ ያለው በኮምፒውተር የሚሰጠው አይኤልትስ ነው። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የተፈታኙ ስም፣ የልደት ቀንና የተፈታኝ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ትክክል ካልሆነ ለተቆጣጣሪው እንዲነገር ይጠይቃል። ተፈታኙ በጭንቀት ውስጥ ስለሆነ ሳያነብ ይጫነዋል። አንድ ፊደል የተዛነፈ ስም በበሩ ሳይታይ ቢያልፍ እንኳ እዚህ እጅን አንሥቶ መናገር ይገባል፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚታተመው የዚያ መዝገብ ስም ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ወይም ኤምባሲው ከፓስፖርቱ ጋር የሚያስተያየው ያንኑ ወረቀት ነው።

አንድ የተለየ መንገድ ያለው በሕግ የተለወጠ ስም ነው። ፀሐይን ወደ ሜሪላንድ እንውሰዳት። ለኤንክሌክስ በግሪን ካርዷ ስም፣ ደስታ ብላ ተመዘገበች፤ የመፈተኛ ፈቃዷም በዚያ ስም በኢሜይል መጣላት። በመካከሉ አገባችና መንጃ ፈቃዷን በባሏ የመጨረሻ ስም አሳደሰች። በአገር ቤት ባህል ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ በአሜሪካ ግን ብዙዎች ይለውጣሉ፤ እንዲህ ያለ ልዩነትም ከዚያ ይመጣል። ለዚህ የኤንክሌክስ ደንብ መውጫ አስቀምጧል፤ የስም ለውጡን የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ዋናውን ይዞ መቅረብ። ተቀባይነት ያላቸው የጋብቻ ሰነድ፣ የፍቺ ውሳኔና የፍርድ ቤት የስም ለውጥ ትእዛዝ ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆን አለባቸው። ፀሐይ ሁለት ምርጫ አላት። ጊዜው ያላለፈበት ግሪን ካርዷ አሁንም ደስታ ስለሚል እርሱን ብቻ ይዛ መቅረብ ትችላለች፤ ወይም አዲሱን መንጃ ፈቃድ ከጋብቻ ሰነዷ ዋና ቅጂ ጋር ታቀርባለች። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለሠራተኛው የሚያነጻጽረው አንድ ወረቀት ብቻ ይሆናልና።

ይህ መውጫ ለእኛ የተለመደ ችግር እንደማያገለግል ግን ልብ ይበሉ። በአባት ስም ተመዝግቦ የአያት ስም ያለበት ፓስፖርት ይዞ የመጣ ሰው ስሙን አልለወጠም። የሚያሳየው ጋብቻም የፍርድ ቤት ትእዛዝም የለውም፤ የተሳሳተው ቅጹ ነው። «አባቴ ነው» የሚል የልደት የምስክር ወረቀት የደንቡ ዝርዝር ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ሂውስተን ፈተና ማዕከል መቅረብም አይጠቅምም።

የመጨረሻው ዓይነት ልዩነት በፈተናው በር ላይ አይታይም፤ በኋላ ነው ብቅ የሚለው። የፀሐይ ዲግሪ Tsehai Weldemikael ይላል፤ ፓስፖርቷና የፈተና ውጤቷ Tsehay Woldemichael Desta ይላሉ። ፈተናውን በፓስፖርቷ ስም መፈተኗ ትክክል ነበር፤ ከዲግሪዋ ጋር እንዲመሳሰል ብላ በዲግሪው አጻጻፍ ብትመዘገብ ኖሮ አትገባም ነበር። ልዩነቱን የምትፈታው ከፈተና ማዕከሉ ጋር ሳይሆን ሰነዱን ከሚያወዳድረው አካል ጋር ነው። አንዱ መንገድ ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን አይቶ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ደብዳቤ እንዲጽፍላት መጠየቅ ነው። ሌላው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ማውጣት ነው፤ አገር ቤት ይህ በፍርድ ቤት ውሳኔ ይገኛል፤ በአሜሪካ ደግሞ በኖታሪ ፊት በመሐላ በሚፈረም ቃል። የማመልከቻ ቅጹ «የሚታወቁባቸው ሌሎች ስሞች» ብሎ ከጠየቀ የዲግሪውን አጻጻፍ እዚያ ማስፈር አለባት፤ ብዙ ሰው ያጭበረበረ እንዳይመስልበት ፈርቶ ባዶ ይተወዋል፤ ሳጥኑ የተሠራው ግን ለዚሁ ነው።

ፓስፖርቱ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአያት ስም ሆሄ ተለውጦ ከታተመ፣ ማረሙ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጉዳይ ነው። ፈተናው ቀርቦ ከሆነ ግን አሁን ባለው ስም ተመዝግቦ መፈተን፣ እርማቱንም ከፈተናው በኋላ መጀመር ይሻላል። በመካከል የተጀመረ እርማት አሮጌውን ፓስፖርት ወስዶ አዲሱን ሳይሰጥ የፈተናው ቀን ሊደርስ ይችላል። ከምዝገባ በኋላ ፓስፖርት የታደሰበት ሰውም የስሙ ሆሄ ባይለወጥ እንኳ ቁጥሩ ተለውጧል፤ አዲሱን ቁጥር ለማዕከሉ አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆ መልሱን ይጠብቅ፤ በዕለቱም አዲሱን፣ ከተመለሰለት ደግሞ አሮጌውንም ይዞ ይሂድ።